ከ29 ሰዓት በኋላ ሆስፒታል የደረሰ ታካሚ፦ ያለ ፍላጎት ቆሞ የቀረ ብልትና ከጀርባው የተገኘው የደም ካንሰር

ይህ የጉዳይ ጥናት የወሲብ ስሜት ሳይኖር ብልቱ ቆሞ ከአንድ ቀን በላይ ስለቆየበት አንድ ወጣት ነው። ችግሩ በሕክምና ፕሪያፒዝም ይባላል። የታካሚው ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮች ተቀይረዋል፤ የሕክምናው ሂደት ግን እንደነበረ ቀርቧል። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ታካሚው በመጀመሪያው ቀን አንድ ጤና ተቋም ደርሶ ሳለ ችግሩ ሳይታወቅ ተመልሷል። ሁለተኛ፣ የችግሩን መነሻ ያሳየው በየሆስፒታሉ የሚሠራ ተራ የደም ምርመራ ነው።

## ታካሚው እና ያለፉት ሰዓታት

ታካሚው 27 ዓመቱ ነው፤ ያላገባ፣ ባጃጅ በመንዳት የሚተዳደር ወጣት። ከዚህ በፊት ታሞ ሆስፒታል አልተኛም፣ የሚወስደው መድኃኒትም የለም።

ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ብልቱ ቆሞ ከእንቅልፉ ነቃ። መጀመሪያ እንደ ወትሮው መስሎት ዝም አለ። ሲነጋም ብልቱ አልላላም፤ ሕመሙም እየጨመረ ሄደ። በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ፣ ሽንቱን ሸና፣ ለውጥ የለም። አንድ የቅርብ ጓደኛው ግንኙነት ብታደርግ ይለቅሃል አለው፤ ሕመሙ ስለበረታ ግን አላሰበውም። ሥራ ሳይወጣ ቤት ዋለ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ማለትም 13 ሰዓት ከቆየ በኋላ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ሄደ። መስኮቱ ላይ ሰው ተሰልፎ ስለነበር አፍሮ «ሽንት ስሸና ያመኛል» ብሎ ተመዘገበ። ውስጥ ሲገባም ይህንኑ ደገመ። ሱሪውን አውልቆ ያየው ሰው አልነበረም። የሽንት ምርመራ ተደርጎለት፣ የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘለት። መርፌው ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ስላስታገሰለት ይሻለኛል ብሎ አደረ። ረቡዕ ጠዋት መራመድ ሲያቅተው አጎቱ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይዘውት መጡ። ሰዓቱ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ከጀመረው 29 ሰዓት ሆኖታል።

## በድንገተኛ ክፍል የታየው

የተቀበለችው ነርስ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ወደ አጎቱ ዞር ብሎ ዝም አለ። ነርሷ አጎትየውን «አባቴ፣ እስቲ ካርድ አውጡለት» ብላ ላከቻቸውና መጋረጃውን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገራት። ይህች ትንሽ እርምጃ በኋላ ከተደረጉት ብዙ ነገሮች የማይተናነስ ዋጋ አላት፤ ታካሚው ራሱ የነርሷን ጥያቄ ባይመልስ ኖሮ የሽንት ሕመምተኛ ተብሎ ተራ ይጠብቅ ነበር።

ምርመራው አጭር ነበር። ብልቱ እንደ እንጨት ጠንክሯል፣ ሲነካ በጣም ያመዋል። የብልቱ ጫፍ ግን ለስላሳ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ምልክት ነው። ብልት ውስጥ በደም የሚሞሉ ሦስት አካላት አሉ። ሁለቱ ከላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ስፖንጅ መሰል ዘንጎች ናቸው፤ መጠንከርን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ሦስተኛው የሽንት ቧንቧውን ከቦ ከታች ይሄድና ጫፉ ላይ ይሰፋል። ደም ገብቶ መውጫ ያጣበት ፕሪያፒዝም የሚይዘው ሁለቱን ዘንጎች ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ጠንካራ፣ ጫፉ ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ፣ ሕመምም ካለ፣ ሌላ ምርመራ ሳይጠበቅ ሕክምና መጀመር ይቻላል።

ሐኪሙ ቀጥሎ መውደቅ ወይም መመታት እንደነበረ ጠየቀ። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሁለት እግር መካከል በብረት ወይም በብስክሌት መቀመጫ የተመታ ሰው ውስጥ የደም ቧንቧ ተቀዶ ደም ወደ ዘንጎቹ ያለማቋረጥ ሊገባ ይችላል። ያኛው ዓይነት ብልትን ከፊል ያቆማል እንጂ እንዲህ አያጠነክርም፣ ብዙም አያምም። ደሙም ትኩስና ኦክስጅን ያለው ስለሆነ አካሉ አይሞትም፤ በቀጠሮ ሊታይ ይችላል። ይህ ታካሚ ግን አልተመታም፤ ሕመሙና ጥንካሬውም ወደ ሌላኛው፣ ወደ አደገኛው ዓይነት ያመለክታሉ።

መድኃኒት፣ መጠጥ፣ የወሲብ ማነቃቂያ ክኒን፣ አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ እንደሆነ ለብቻው ተጠየቀ። አልወሰደም። ከዚያ ሐኪሙ ሆዱን ሲዳስስ በግራ በኩል ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ በታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ አገኘው። በጤነኛ ሰው ጣፊያ በእጅ አይዳሰስም። ታካሚው ሲጠየቅ ላለፉት አራት ወራት ጥቂት በልቶ እንደሚጠግብ፣ ሌሊት ልብሱ እስኪርስ እንደሚያልበው፣ ሱሪው እንደሰፋው ተናገረ። ጨጓራ ነው ብሎ የጨጓራ መድኃኒት ገዝቶ ወስዶ ነበር። ወዲያው የደም ናሙና ተወስዶ ሙሉ የደም ቆጠራ (ሲቢሲ) እና የደም ስላይድ እንዲሠራ ተላከ። ውጤቱን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አልጠበቀም።

## ሰዓት ለምን ይቆጠራል

በተለመደው መቆም ጊዜ ደም ይገባል፣ ቆይቶም ይወጣል። እዚህ ግን መውጫው ተዘግቷል፤ ስለዚህ አዲስ ደም አይገባም፣ የገባውም ኦክስጅኑ ያልቃል፣ አሲድ ይሆናል፣ ይወፍራል። ዘንጎቹ በጠንካራ ሽፋን ስለተሸፈኑ ግፊቱ የሚሄድበት የለም። ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻው ኦክስጅን ሲያጣ ነው፤ የልብ ጡንቻ ደም ሲያጥረው ሕመም ከሚመጣበት ምክንያት ጋር ይመሳሰላል።

ድንበሩ 4 ሰዓት ነው የሚባለው ከዚያ በኋላ በጡንቻው ላይ ጉዳት ስለሚጀምር ነው። 12 ሰዓት አካባቢ ሥጋው ውኃ ይቋጥራል። ወደ 24 ሰዓት ሲጠጋ የደም መጠራቀሚያዎቹ ውስጠኛ ሽፋን ይላጣል፣ ደም መርጋት ይጀምራል። 48 ሰዓት ሲሞላ ጡንቻው ሞቶ በጠባሳ መተካት ይጀምራል። ጠባሳ ደግሞ አይለጠጥም፤ በደም አይሞላም። ከ36 ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ወደፊት በራሱ የመቆም ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። ታካሚው በ29ኛው ሰዓት ላይ ነበርና ሙሉ በሙሉ የማዳን ዕድሉ አልፏል፤ የቀረውን ለማትረፍ ግን አሁንም ጊዜ ነበር።

## የመጀመሪያው እርምጃ፦ ደሙን ማውጣትና አድሬናሊን

የሕመም ማስታገሻና በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጠው። የብልቱ ሥር ዙሪያ በ10 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ሊዶኬይን ደነዘዘ። ይህ ሊዶኬይን አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት መሆን አለበት፤ ብዙ ክፍሎች ውስጥ ሁለቱ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ መለያው መነበብ አለበት።

ለዚህ ሥራ ተመራጩ 19 ጌጅ ቢራቢሮ መርፌ ነው። በዕለቱ ስላልነበረ አረንጓዴው 18 ጌጅ ካኑላ ጥቅም ላይ ዋለ። መርፌው የሚገባው በብልቱ ጎን ነው። ከላይ በኩል ነርቭና የደም ቧንቧ፣ ከታች በኩል ደግሞ የሽንት ቧንቧ ስለሚያልፉ ሁለቱም አቅጣጫ አይነካም። ሁለቱ ዘንጎች በመካከላቸው ባለው ቀዳዳማ ግድግዳ ስለሚገናኙ አንዱን መውጋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

በመጀመሪያው ስሪንጅ የወጣው ደም ጥቁር ነበር፣ እንደ ዘይት የሚጎተት። የሆስፒታሉ የደም ጋዝ መለኪያ ማሽን አይሠራም ነበርና ማረጋገጫ የሆነው ይኸው ቀለም ነው። ማሽኑ ቢኖር ኖሮ የሚጠበቀው ውጤት የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ7.25 በታች፣ የኦክስጅን ግፊት ከ30 በታች፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ60 በላይ ነው። ነጭ የደም ሴል እጅግ በበዛበት ሰው ግን የኦክስጅኑ ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ ሴሎቹ ስሪንጁ ውስጥ ሆነው ኦክስጅኑን እየበሉት ላቦራቶሪ ይደርሳል። ፒኤች እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብረው መታየት አለባቸው።

ደሙ በ20 በ20 ሚሊ ሊትር ተቀዳ፣ ዘንጎቹም በኖርማል ሳላይን ታጠቡ። ብልቱ ትንሽ ላላ፣ ወዲያው ተመልሶ ጠነከረ። በዚህ ጊዜ የደም ቧንቧን የሚያጠብብ መድኃኒት በራሱ በዘንጉ ውስጥ ይሰጣል። ተመራጩ ፌኒሌፍሪን ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 500 ማይክሮግራም ተበጥብጦ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ልዩነት 1 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፣ ጠቅላላው ከ1 ሚሊ ግራም አይበልጥም። በመድኃኒት ቤቱ ፌኒሌፍሪን አልነበረም። አድሬናሊን ግን በየድንገተኛ ክፍሉ አለ።

አንድ 1 ሚሊ ግራም የያዘ የአድሬናሊን አምፑል በ100 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ተበጠበጠ። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ይሆናል። በየ5 ደቂቃው 2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 20 ማይክሮግራም፣ ለአምስት ጊዜ ተሰጠ። ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ቦታ ነው። ያልተበጠበጠው አምፑል በቀጥታ ከተሰጠ ሙሉ 1 ሚሊ ግራም ይገባል፤ ይህ ለልብ መቆም የሚሰጥ መጠን ነው። ስለዚህ የበጠበጠው ሰው ቦርሳው ላይ መጠኑን ጽፎ ለጠፈበት፣ ሁለተኛ ሰውም አነበበው። በእያንዳንዱ መጠን መካከል የደም ግፊትና የልብ ምት ተለካ፣ የልብ ሞኒተርም ተገጥሞለት ነበር። የታካሚው ግፊት ከ120/75 ወደ 145/90 ከፍ ብሎ ተመለሰ፤ ራስ ምታትም ሆነ የልብ ምት መዛባት አልታየበትም።

አምስተኛው መጠን ሲያልቅ ብልቱ ግማሽ ያህል ላላ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ግን እንደገና ጠነከረ። ይህ ሰውየው መድኃኒቱን አልተቀበለም ማለት ብቻ አይደለም። አሲድ ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ የቆየ ጡንቻ ለአድሬናሊን መልስ መስጠት ይሳነዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ለሚመጣ ሰው የሚበቃው ሕክምና ከ24 ሰዓት በኋላ ለሚመጣው ብዙውን ጊዜ አይበቃም። መጠኑን መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ የሚጎዳው ልብን ነው።

## ላቦራቶሪው የላከው ውጤት

ሁለተኛው ዙር መታጠብ ላይ እያለ ውጤቱ መጣ። ነጭ የደም ሴል በማይክሮ ሊትር 318,000። በጤነኛ ሰው ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። ሄሞግሎቢን 8.4፣ ፕላትሌት 540,000። በስላይዱ ላይ በየእድገት ደረጃው ያሉ ነጭ ሴሎች ሞልተው ታዩ፤ ያልበሰሉት ብላስት ሴሎች ግን 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከትልቁ ጣፊያ ጋር ሲታይ ሥዕሉ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው፤ ገና በዝግተኛው ደረጃ ላይ ያለ።

ነጭ ሴሎች ከቀይ ሴሎች ይተልቃሉ፣ እንደ ቀይዎቹም አይታጠፉም። ቁጥራቸው ሲበዛ ደሙ ይወፍራል፣ ከብልት ደም የሚያወጡትን ቀጫጭን ደም መላሾች ይዘጋሉ። ያበጠው ጣፊያም የሆድ ደም መላሾችን ይጫናል። ይህ በሽታ በብልት መቆም ራሱን የሚገልጠው በጥቂት ወንዶች ነው፤ ሲገልጥ ግን ታካሚው ካንሰሩን ከማወቁ በፊት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት አከራካሪ ሐሳቦች ተነሡ። አንዱ፣ መንስኤው ካንሰሩ ስለሆነ ነጭ ሴሉን ብቻ እናውርድ፣ ብልቱ በራሱ ይላላል የሚል ነበር። ውድቅ ተደረገ፤ ነጭ ሴልን በመድኃኒት ማውረድ ቀናት ይፈልጋል፣ ብልቱ ደግሞ የቀረው ሰዓት ብቻ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች ጎን ለጎን እንጂ አንዱ ለሌላው ተራ እየጠበቀ አይሰጡም። ሁለተኛው ሐሳብ ሄሞግሎቢኑ 8.4 ስለሆነ ከኦፕሬሽኑ በፊት ደም ይሰጠው የሚል ነበር። ይህም አልተደረገም። ነጭ ሴሉ ከ300,000 በላይ የሆነን ሰው ቀይ ደም መስጠት የወፈረውን ደም ይበልጥ ያወፍራል፤ መዘዙም ብልት ላይ አይቆምም፣ አንጎልንና ሳንባን ይነካል። ለመጠባበቂያ ደም ተዘጋጅቶ ተቀመጠ፣ አልተሰጠም።

## ኦፕሬሽኑ እና ከዚያ በፊት የተደረገው ንግግር

የሽንት ቧንቧና የብልት ሐኪም የሆነው ኡሮሎጂስት ለታካሚው ለብቻው ነገረው። «ወንድሜ፣ ኦፕሬሽኑ ሕመሙን ያቆማል፣ የቀረውንም ሥጋ እንዲተርፍ ይረዳል። ብልትህ ግን ወደፊት እንደ ድሮው ላይቆም ይችላል። ይህ የሚሆነው ከቢላዋው ሳይሆን ካለፉት ሰዓታት ነው።» ታካሚው ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የዘር ፍሬዎቹ በዚህ ችግር እንዳልተነኩ ተነገረው። የሉኪሚያው መድኃኒት ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ ጥያቄ ስላለው ከደም ሐኪሙ ጋር እንደሚነጋገርበትም ተገለጸለት። ንግግሩ በፈቃድ ቅጹ ላይ ሰዓት ተጽፎበት ተያያዘ። ይህን ውይይት ከኦፕሬሽኑ በፊት ማድረግ አስፈላጊ ነው፤ በኋላ ከሆነ ታካሚው የተጎዳው በኦፕሬሽኑ ይመስለዋል።

ኦፕሬሽኑ የተጀመረው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ በ33ኛው ሰዓት ነው። ዓላማው ከተዘጋው ዘንግ ወደ ለስላሳው ጫፍ መተላለፊያ ከፍቶ ደሙ በዚያ በኩል እንዲወጣ ማድረግ ነው። ቁጥር 10 ቢላዋ ከሽንት ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ተርቆ በጫፉ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ዘንጉ ይገባል፤ ከዚያ ከሽንት ቧንቧው በሚርቅ አቅጣጫ 90 ዲግሪ ዞሮ ይወጣል። ዞሮ ወደ ቧንቧው ከሄደ ቧንቧውን ይቆርጣል።

በአንድ ጎን ተሠርቶ ብልቱ ከሥሩ ወደ ጫፉ ሲጨመቅ ጥቁር፣ ረጋ ያለ ደም ወጣ። ላላ፣ ነገር ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ መልሶ መሙላት ጀመረ። ስለዚህ በሌላኛውም ጎን ተከፈተ፣ በሁለቱም ቀዳዳዎች ጠባብ የብረት ማስፊያ እስከ ዘንጉ ሥር ተሰዶ የረጋው ደም መንገድ ተከፈተለት። ማስፊያው ወደ ውጭ ጎን እያዘነበለ መሄድ አለበት። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ደም ቀላ። የጫፉ ቆዳ በሚሟሟ ክር ተሰፋ። በብልቱ ዙሪያ ጠበቅ ያለ ፋሻ አልታሰረም፤ ማሰር የተከፈተውን መንገድ መልሶ ይዘጋል።

ከኦፕሬሽን በኋላ ያለው ምሽት የሚያሳስት ነው። ብልቱ ከእብጠት የተነሣ ለቀናት ሙሉ በሙሉ አያንስም፤ ተረኛው ሐኪም ችግሩ ተመለሰ ብሎ ሊደነግጥ፣ ወይም በተቃራኒው በእርግጥ ተመልሶ ሳለ እብጠት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መለያው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ሕመም ነው፤ እብጠት ብቻውን እንደዚያ አያምም። ሁለተኛው፣ ዘንጉ በጣት ተጨምቆ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ መልሶ መሙላቱ ደም እየተዘዋወረ መሆኑን ያሳያል። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ካለ ጥርጣሬውን ይፈታዋል። ተረኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እነዚህን ሁለቱን እያዩ በካርዱ ላይ ጻፉ። ሕመሙ አልተመለሰም።

## የደም ካንሰሩ ሕክምና

ሃይድሮክሲዩሪያ በዚያው ዕለት ተጀመረ። የታካሚው ክብደት 56 ኪሎ ስለነበር በቀን 3 ግራም፣ በሦስት ተከፍሎ ተሰጠው። ሴሎቹ በብዛት ሲሞቱ የሚለቁት ዩሪክ አሲድ ኩላሊትን እንዳይጎዳ አሎፑሪኖል 300 ሚሊ ግራምና በቀን 3 ሊትር ያህል ፈሳሽ ታከለበት፤ ኩላሊቱና ፖታሲየሙ በየቀኑ ተለኩ። ነጭ ሴልን በማሽን ከደም የማጣራት አገልግሎት በሆስፒታሉ አልነበረም። በሳምንቱ ቁጥሩ ወደ 120,000 ወረደ።

ለካንሰሩ ማረጋገጫ የሚሆነው በክሮሞሶም 9 እና 22 መካከል በተደረገ ልውውጥ የሚፈጠረውን ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጂን ማግኘት ነው። ናሙናው ተልኮ ጂኑ ተገኘ። ከዚያ ታካሚው ኢማቲኒብ 400 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ መውሰድ ጀመረ። ይህን መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በአብዛኛው ሥራውን እየሠራ ለብዙ ዓመት ይኖራል። አጎቱ ካንሰር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ጸበል ሊወስዱት አሰቡ። የደም ሐኪሙ አልከለከላቸውም፤ ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ፣ አንድም ቀን እንዳያሳልፍ ብቻ አስማማቸው።

## ከስድስት ወር በኋላ

ነጭ ሴሉ 7,000 ሆኗል፣ ጣፊያው አይዳሰስም፣ ክብደቱ ጨምሯል፣ ባጃጁን ይነዳል። ብልቱ ግን በከፊል ብቻ ነው የሚቆመው፤ ለግንኙነት የሚበቃ አይደለም። ሲልደናፊል በሐኪም ክትትል ተሞክሮ ጥቂት ለውጥ ብቻ አመጣ። ሲዳሰስ ከዘንጎቹ ሥር አካባቢ ጠጠር ያለ ጠባሳ አለ። በብልት ውስጥ የሚቀበር ሰው ሠራሽ ዘንግ እንዳለ ተነግሮታል። ከ36 ሰዓት በላይ ለቆዩ ታካሚዎች አንዳንድ ማዕከላት ይህን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሠራሉ፤ ጠባሳው ከጠነከረ በኋላ ሥራው ይከብዳል፣ ብልቱም ያጥራል። ለዚህ ታካሚ ዋጋውና የሚሠራበት ቦታ አልተገኘም።

የሠራው ነገር ካንሰሩ በጊዜ መገኘቱና ሕመሙ መቆሙ ነው። ያልሠራው የብልቱን ሙሉ አገልግሎት ማትረፍ ነው። የጠፋው ደግሞ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ከማክሰኞ ጠዋት እስከ ረቡዕ ጠዋት ባሉት ሰዓታት ነው።

## ሌሎች መንስኤዎች

ይህ ታካሚ ሉኪሚያ ስለተገኘበት ሁሉም እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ ብዙ የሚታዘዘው ክሎርፕሮማዚን ብልትን ያለ ፍላጎት አቁሞ ሊያቆይ ይችላል፤ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን፣ ሃሎፔሪዶልና ለእንቅልፍና ለድብርት የሚሰጠው ትራዞዶንም እንዲሁ። ችግሩ መድኃኒቱን ለወራት ከወሰዱት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እንዲህ የሆነበት ሰው መድኃኒቱን በራሱ አቋርጦ ዝም ማለት የለበትም፣ ሁለቱም አደጋ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ ከዚያ የአእምሮ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀይርለት። ለመቆም ችግር በራሱ በብልት ውስጥ የሚወጋ መርፌ (ፓፓቬሪን፣ አልፕሮስታዲል) የታወቀ መንስኤ ነው። እንደ ሲልደናፊል ያሉ ክኒኖች ብቻቸውን በሚገባው መጠን ሲወሰዱ ይህን የሚያመጡት ከስንት አንዴ ነው። ኮኬይንና ከልክ ያለፈ አልኮልም ይጠቀሳሉ።

በዓለም ላይ በሕፃናት ዋናው መንስኤ ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ሴል በሽታ ነው። በእሱ የተያዙ ልጆችና ወጣቶች ብዙ ጊዜ ሌሊት ሌሊት እየመጣ በራሱ የሚሄድ አጭር፣ የሚያም መቆም ይቀድማቸዋል፤ አንድ ቀን ግን ሳይሄድ ይቀራል። የጀርባ አከርካሪ ጉዳት፣ ከፊኛ ወይም ከፕሮስቴት የተዛመተ ካንሰር፣ የአንዳንድ ጊንጦችና ሸረሪቶች መርዝም በዝርዝሩ አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ተፈልጎ ምንም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜም ጥቂት አይደለም።

## ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሊወሰድ የሚችለው

ለጤና ባለሙያ፦ ሽንት ያመኛል፣ ብሽሽቴን ያመኛል የሚል ወንድ ሱሪውን አውልቆ መታየት አለበት። ይህ አንድ ደቂቃ ይወስዳል። ከሚያውቀው ሰው ፊት አይናገርም፤ ቤተሰቡን በሰበብ ማስወጣት የምርመራው አካል ነው። ኡሮሎጂስት የሌለበት ሆስፒታል ውስጥም ደም መቅዳትና የተበጠበጠ አድሬናሊን መስጠት ይቻላል፤ ሪፈር ጽፎ አምቡላንስ እየጠበቁ ሌላ አምስት ሰዓት ማሳለፍ አይገባም። ሁሉም ታካሚ ሲቢሲና ስላይድ ይሠራለት፣ ሆዱም ይዳሰስ። ሲክል ሴል ያለበትም ቢሆን ፈሳሽና ደም የሚሰጠው ከብልቱ ሕክምና ጎን ለጎን ነው፤ ምክንያቱ እዚህ ከታየው አይለይም።

ለታካሚና ለቤተሰብ፦ ብልት ያለ ፍላጎት ቆሞ 4 ሰዓት ከሞላው፣ በተለይ ካመመ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። በረዶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ግንኙነት ማድረግ አስተማማኝ መፍትሔዎች አይደሉም፤ ሲክል ሴል ላለበት ቅዝቃዜ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ስሜቱን ይሸፍናል እንጂ የተዘጋውን ደም አይከፍትም፤ ዳይክሎፌናኩ ለዚህ ታካሚ ያደረገለት ይህንኑ ነው። መስኮቱ ላይ የሚባለውን አስቀድሞ ማወቅ ይረዳል፦ «ብልቴ ቆሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አልላላም፣ ያመኛል» ማለት ይበቃል። በድምፅ መናገር የከበደው በወረቀት ወይም በስልኩ ላይ ጽፎ ያሳይ። የጀመረበትን ሰዓት፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስም ወይም ባዶ ማሸጊያውን ይዞ ቢሄድ ሐኪሙ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ይዘልላቸዋል።

ይህ ታካሚ ከሆስፒታል ሲወጣ የተጻፈለት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ሰፍሯል፦ የበሽታው ስም፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ እና ችግሩ ከተመለሰ 2 ሰዓት ሳይሞላ እንዲመጣ። ወረቀቱን ለድንገተኛ ክፍሉ ነርስ ካሳየ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም።